ነጭ ፊደል በነጭ ነጠላ ላይ

ጥር 11 ጠዋት ከአፄ ፋሲል መዋኛ የሚቀረጽ ምስል ለጽሑፍ አስቸጋሪ ነው። ወጣቱ ዘሎ ሲገባ ውኃው ይረጫል፣ የተረጨው ውኃ በፀሐይ ያብረቀርቃል፣ ዳር የቆመው ሕዝብ ደግሞ ነጠላ በነጠላ ነው። በዚህ መሃል ከስክሪኑ ግርጌ የሚወጣው የተናጋሪው ስምና ማዕረግ፣ ኤዲተሮች ሎወር ሰርድ የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ሆኖ ጥቁር ዳር ይደረግለታል። ይህ ዘዴ ለላቲን ፊደል ቢያዋጣም ለእኛ ፊደል አይሆንም እላለሁ።

ምክንያቱ ፊደላችን ውስጥ ነው። «ቤ»ን ከ«ቢ» የሚለያት እግሯ ላይ ያለች ትንሽ ቀለበት ብቻ ናት። ዳሩ ሲወፍር የቀለበቷ ቀዳዳ በጥቁር ይሞላል፤ «የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ» የሚለው ማዕረግ ስልክ ላይ «የቢተ» ይመስላል። «ሌ» እና «ሊ»ም እንዲሁ ናቸው። ዳሩ ግማሹ ወደ ውስጥ፣ ግማሹ ወደ ውጭ እንዲሆን ከተደረገ ደግሞ ነጩን ፊደል ራሱን ይበላዋል። ዳር የግድ ከሆነ አማራጩ Outer ይሁን፣ ውፍረቱም በ1080 ምስል ከ2 ወይም ከ3 ፒክስል አይለፍ። በዚያ ውፍረት ግን ከውኃ ርጭት አያድንም። ርጭቱ ራሱ የፊደሉን ቅርንጫፎች የሚያካክሉ ነጭና ጥቁር ቁርጥራጮች ስላሉት ዓይን የቱ ፊደል፣ የቱ ውኃ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል።

የሚያዋጣው ከጽሑፉ ሥር ጥቁር መደብ መዘርጋት ነው። «ምስሉን ይሸፍናል» ብለው የሚፈሩ መደቡን 40 በመቶ ብቻ ያጠቁሩታል፤ እንዲህ ያለው መደብ ቦታ ከመያዝ በቀር ጥቅም የለውም። ከሥሩ ንጹሕ ነጭ ነጠላ ሲያልፍ የነጩ ፊደልና የመደቡ የብርሃን ንጽጽር 2.8 ለ1 ገደማ ይሆናል። በ50 በመቶ 4 ለ1፣ በ65 በመቶ ደግሞ 7 ለ1 ይደርሳል። ለድረ ገጽ ተደራሽነት የወጣው መመዘኛ ለተራ ጽሑፍ የሚጠይቀው ቢያንስ 4.5 ለ1 ነው፤ ዳራው ለሚንቀሳቀስ ምስል እኔ ከ65 በመቶ አልወርድም። በዚህ ልክ ከሥሩ የሚያልፈው ነገር ሁሉ፣ ከጥቁር እስከ ነጭ፣ ከ255 ውስጥ ከ0 እስከ 89 ባለው ክልል ይታመቃል። ርጭቱ አይጠፋም፣ ግን ከፊደሉ ጋር አይፎካከርም። በመደቡ ሥር ያለውን ምስል ትንሽ ማደብዘዝም ይረዳል። አንዳንድ ሶፍትዌር ቀለሞችን የሚቀላቅልበት ስሌት የተለየ ስለሆነ 65 ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ ነጭ ነጠላ ከመደቡ ሥር ባለበት ፍሬም የቀለም መልቀሚያውን አስቀምጦ ቁጥሩ ከ89 አለመብለጡን ማየት ነው።

የባንዲራ ቀለም የተቀቡ ፊደላት ነገርም አለ። ለሥርጭት የሚታመቅ ቪዲዮ ብርሃንን በሙሉ ዝርዝር ሲይዝ ቀለምን የሚይዘው በቁመትም በወርድም በግማሽ ነው። ስለዚህ ቀይ ፊደል በአረንጓዴ ላይ ዳርና ዳሩ ይፈስሳል። ቀለሙ ከመደቡ ጎን በቆመ ወፍራም ሰረዝ ይግባ፣ ፊደሉ ነጭ ይሁን። ለመፈተሽ የምስሉን የቀለም ድምቀት ወደ 0 ማውረድ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ሲሆን የማይነበብ ጽሑፍ በቀለምም አይነበብም።

መጠኑም በስልክ ይለካ። ስልክ ቆሞ ሲያዝ አግድም ቪዲዮ ወርዱ 6.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በ1920 ምስል 48 ፒክስል ቁመት ያለው ፊደል እዚያ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ስሙ 72፣ ማዕረጉ 54 ፒክስል ይሁን። ዊንዶውስ ላይ ያለው Nyala አንድ ውፍረት ብቻ ስላለው ሶፍትዌሩ «ቦልድ» ሲባል ፊደሉን ራሱ ያወፍረዋል፣ ቀለበቷም እንደገና ትዘጋለች። Noto Sans Ethiopic የራሱ የተሳለ ወፍራም ፊደል አለው።

ከሁሉ የሚረሳው የፍሬም ምርጫ ነው። ኤዲተሩ ጽሑፉን የሚያስቀምጠው ምስሉ ቆሞ፣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ሰከንድ፣ ከሥሩ የመዋኛው ጠቆር ያለ ድንጋይ ሳለ ነው። በሦስተኛው ሰከንድ ርጭቱ ይመጣል፣ በአምስተኛው ካሜራው ወደ ሕዝቡ ይዞራል። ስለዚህ ጽሑፉ የሚቆይባቸውን ስድስት ሰከንዶች አንድ በአንድ አልፎ በጣም ነጭ በሆነው ፍሬም ላይ ቆሞ መወሰን ይገባል። ሰብታይትል ካለም ስሙ እስኪወርድ ድረስ ከመደቡ በላይ ከፍ ይበል፤ ስሙ ሲወርድ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ሳይሆን ቀጣዩ ሰብታይትል ሲወጣ ወደ ቦታው ይመለስ።