እርማት፦ `>>` የማሽኑን የባይት ቅደም ተከተል አያይም

«የ`>>` ውጤት እንደ ማሽኑ ስለሚለያይ፣ ቁጥር ፋይል ላይ ከመጻፋችሁ በፊት የማሽኑን የባይት ቅደም ተከተል ለዩ፤ ቢግ ኢንዲያን ከሆነ ባይቶቹን ገልብጡ።»

ይህን ምክር በአክብሮት ላርም። `>>` የሚሠራው በቁጥሩ ዋጋ ላይ እንጂ ባይቶቹ በሜሞሪ በተደረደሩበት መንገድ ላይ አይደለም። 0x12345678ን 24 ቢት ወደ ቀኝ ብንገፋው በየትኛውም ማሽን 0x12 ይቀራል። ቅደም ተከተሉ የሚገለጠው የቁጥሩን ሜሞሪ እንዳለ ስንቀዳ ነው፤ `fwrite(&n, 4, 1, f)` የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ መወሰን ያለብን የፋይሉን ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ዝቅተኛው ባይት ይቅደም ካልን፦

```c
uint32_t n = 0x12345678;
for (int i = 0; i < 4; i++)
    putc((n >> (8 * i)) & 0xFF, f);
```

ፋይሉን በ`xxd -g1` ተመልከቱት፤ የትም ቢጻፍ `78 56 34 12` ነው። `fwrite` ግን በቢግ ኢንዲያን ማሽን ላይ `12 34 56 78` ይጽፋል።

በምክሩ መሠረት ቁጥሩን ገልብጦ ከዚያ በ`>>` የሚጽፍ ሰው ትክክለኛውን ኮድ ያበላሻል። በቢግ ኢንዲያን ማሽን ላይ 305419896 ብሎ የጻፈው፣ ሌላ ማሽን ላይ 2018915346 ሆኖ ይነበባል። እጅግ የሚያሳስበኝ ስህተቱ ተደብቆ መቆየቱ ነው፤ አብዛኞቻችን የምንሠራባቸው ኮምፒውተሮች ሊትል ኢንዲያን ስለሆኑ የግልበጣው ቅርንጫፍ በሙከራ ጊዜ አንድም ቀን አይሠራም።

ስታነቡም እንዲሁ በ`<<` ሰብስቡ፤ እያንዳንዱን ባይት ግን አስቀድማችሁ ወደ `uint32_t` ለውጡት። አለዚያ ከ127 የሚበልጥ ባይት 24 ቢት ወደ ግራ ሲገፋ ከ`int` ወሰን ያልፋል።