ተረብና ሙድ መያዝ ለየቅል ናቸው

«ጓደኛን በአደባባይ መተረብ ንቀት ነው። ለልደት "መልካም ልደት፣ ረጅም ዕድሜ" ይበቃል። ሌላው ሁሉ ሰው ማዋረድ ነው።» (ፒያሳ አካባቢ ያለ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ሰሞኑን ለሠራተኞቻቸው የተናገሩት)

ንቀትስ ያችኑ ሐረግ ለጥፎ ማለፍ ነው። እሷ ለአለቃም ትላካለች፣ ለጎረቤትም ትላካለች፣ ስሙ ለጠፋን የክፍል ጓደኛም ትላካለች። አሥር ዓመት ሙሉ ሻይ አብራኝ የጠጣች ልጅ ከዚህ የተሻለ ይገባታል።

«ሌላው ሁሉ» የሚለው ቃል ነው ያናደደኝ። ኃላፊው ተረብንና ሙድ መያዝን አንድ ላይ ጨፈለቋቸው። ሙድ ሰው ላይ ይያዛል፤ ተረብ ግን ከሰው ጋር ነው። የምለይበት መንገድ ቀላል ነው። ባለልደቷ ያንን ነገር ራሷ እየሳቀች ታወራዋለች? ካወራችው ይጻፋል። ካላወራችው፣ እውነት ቢሆንም አይጻፍም።

ከዚያ በኋላ ያለው የአጻጻፍ ጉዳይ ነው። አንዲት ጓደኛዬ አራት ኪሎ ተቀጣጥረን ስደውልላት «ደርሻለሁ፣ ፒያሳ ነኝ» ትላለች። ከጀርባዋ የቤታቸው ቴሌቪዥን ይሰማኛል። ይህን ታሪክ ከማንም በላይ የምታወራው እሷ ናት። ለልደቷ መጀመሪያ የጻፍኩት ካፕሽን «ዕድሜ ልኳን ስትዋሸኝ የኖረችው ጓደኛዬ፣ መልካም ልደት!» የሚል ነበር። እኛ ሁለታችን ብናነበው እንስቃለን። ግን ፖስቱን እጮኛዋም ያየዋል፣ የእጮኛዋ እናትም ያዩታል። ምኑን ነው የዋሸችው? እኛ ሰምና ወርቅ እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ክፍት የተተወ ቃል ካገኘን ወርቁን ፍለጋ መቆፈራችን አይቀርም፤ ያልተቀበረውንም ቆፍረን እናወጣለን። «ሁሌ የምትጠፋው» ብትሉ የት ነው የምትጠፋው ይባላል። «ብርጭቆዋ የማይጎድለው» ብትሉ ሻይ መሆኑን ማን ያምናችኋል?

ስለዚህ አጠፋሁትና «ሁሌ የምታረፍደው» ብዬ ቀየርኩት። ይሄ ደግሞ ባሰ። አለቃዋ ቢያነበው ስለ ሥራ ሰዓት ነው የሚመስለው። የቀጠሮ ቀልዴ የሰው እንጀራ ውስጥ ሊገባ ነው። በመጨረሻ የለጠፍኩት ይህ ነው፦

«እንኳን ተወለድሽልኝ! "ፒያሳ ደርሻለሁ" ስትይኝ ከጀርባሽ የቤታችሁ ቴሌቪዥን ይሰማኛል። ግን አንድም ቀን ሳትመጪ ቀርተሽ አታውቂም።»

ውሸቱ ምን እንደሆነ ተነግሯል፤ ቦታውም ድምፁም አለ። የሚቆፈር ነገር አልቀረም። ቀልዱም የሚያርፈው መምጣቷ ላይ ነው። «እንኳን ተወለድሽልኝ» ደግሞ መጀመሪያ ላይ የገባው በምክንያት ነው። ፌስቡክም ኢንስታግራምም ረዘም ያለ ካፕሽን ቆርጠው የቀረውን ይደብቃሉ። ፍቅሩን መጨረሻ ላይ ካስቀመጣችሁት፣ ሳይከፍት የሚያልፈው ሰው ስድቡን ብቻ አንብቦ ይሄዳል።

ዕድሜ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጳጉሜ 6 ቀን 1987 የተወለደች ሌላ ጓደኛ አለችኝ። ያ ቀን በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። በ2015 አንዱ «ዛሬ 7 ዓመት ሞላት!» ብሎ ለጠፈላት። ቆንጆ ቀልድ ነው። ነገር ግን ሰባትን በአራት ማባዛት የሚችል ሁሉ 28 ዓመቷ እንደሆነ ያውቃል፤ ቀኑም ወሩም ዓመተ ምሕረቱም ተሟልቶ አደባባይ ወጣ። «በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ኬክ የምታበላን» ቢል ኖሮ ሳቁ አይቀንስም፣ ዓመቱም አይታወቅም።

ለኃላፊው አንድ ነገር ብቻ እሰጣቸዋለሁ። ስለ ሰውነት፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ገንዘብና ስለ ጾም አይተረብም። «ወፈርሽ» የሚለው ቃል ቡና ላይ ሲባል ከድምፅና ከፈገግታ ጋር ነው የሚመጣው፤ ሲጻፍ ብቻውን ይቀራል። ግን ይህ የተረብ ጥፋት ነው? አይደለም። የማያውቁትን ሰው ሆድ መንካት ነው። በአንድ ሰው ስንፍና የሁላችንን አፍ መዝጋት ምን የሚሉት ሥራ ነው?

ጓደኛዬ ፖስቱን ገጿ ላይ መልሳ አጋራችው። ከሥሩ እናቷ «ልጄ፣ ቴሌቪዥኑን ሳታጠፊ ነው እንዴ የምትወጪው?» ብለው ጻፉ። እጮኛዋ ደግሞ «እኔንም ፒያሳ ነኝ ትለኛለች» አለ። እሷ አሁንም ስክሪንሹቱን ለሰው ታሳያለች። ማን እንደተዋረደ ኃላፊው መጥተው ያሳዩን።