ከማዳበሪያው በፊት ጉድጓዱ ይቆፈር

በትምህርት ቤት መጽሐፍ የምናውቀው የአፈር ሥዕል ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ ንብርብሮች ያሉት ነው። አናቱ ላይ ረግፎ የሚበሰብስ ቅጠል፣ ቀጥሎ ጠቆር ያለ ለም አፈር፣ ከሥሩ ቀላ ያለ የውስጥ አፈር፣ ከዚያ የፈረሰ ድንጋይ፣ መጨረሻ ላይ ዓለት። ባለሙያዎች እነዚህን በቅደም ተከተል ኦ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና አር ይሏቸዋል። ሥዕሉ ስሕተት የለበትም፤ ግን የሚያሳየው ሰው ያልነካውን አፈር ነው። በጎንደር ዙሪያ፣ በወገራ ወይም በላይ አርማጭሆ ተዳፋት ላይ በየዓመቱ የሚታረስ ማሳ አንድ ሜትር ቢቆፈር የሚታየው ሌላ ነው። አንዱ ንብርብር የለም፤ ሌላው ሳስቷል፤ በመጽሐፉ ሥዕል ላይ ያልነበረ አንድ ጠጣር ንጣፍ ደግሞ በመካከል ገብቷል። የዚህ ጽሑፍ አቋም አንድ ነው፤ ለአንድ ማሳ የማዳበሪያ መጠን ከመወሰኑ በፊት ጉድጓድ ቆፍሮ ማየት የግብርና ባለሙያው መደበኛ ሥራ መሆን አለበት።

ለማዳበሪያ ምክር የሚወሰደው የአፈር ናሙና በአብዛኛው የሚመጣው ከላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ናሙናው ተቀላቅሎ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ቤተ ሙከራ ይገባል። በዚህ መንገድ ፎስፈረሱ፣ ናይትሮጂኑና አሲዳማነቱ ይታወቃል። የማይታወቀው ሥሩ እስከ የት መውረድ እንደሚችል ነው። ሁለት ማሳዎች በቤተ ሙከራ አንድ ዓይነት ውጤት ሊያመጡ ይችላሉ፤ በአንደኛው ግን የማሽላው ሥር 80 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ በሌላኛው 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆማል። ለሁለቱም እኩል ዩሪያ መምከር ለሁለተኛው ገበሬ ገንዘቡን ከጎርፍ ጋር መስደድ ነው።

ከላይ እንጀምር። ኦ የሚባለው የቅጠልና የገለባ ንብርብር በታረሰ ማሳችን ላይ የለም ማለት ይቻላል። ገለባው ለከብት ይሰበሰባል፣ ቃርሚያው በልቅ ግጦሽ ያልቃል፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነድዳል። በዚህ የተነሳ የሰኔ ዝናብ ጠብታ የሚያርፈው በቀጥታ በባዶ አፈር ላይ ነው። ጓሉን ይሰብራል፣ ደቃቁን ክፍል ያነሳል፣ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ቀሪውን ውኃ ወደ ታች ይሸኘዋል።

የሚጠረገው ኤ ነው፤ ብስባሹ የተቀላቀለበት፣ ጥቃቅን ሥሮች የሚበዙበት፣ ተክሉ አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኝበት ክፍል። መጠኑን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ከአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ሲታጠብ 10 ሜትር ኩብ አፈር ሄደ ማለት ነው፤ የአንዱ ሜትር ኩብ ክብደት 1.2 ቶን ገደማ ቢሆን 12 ቶን፣ ማለትም 120 ኩንታል። አንድ ሚሊ ሜትር በዓይን አይታይም፤ ገበሬውም ማሳው መሳሳቱን የሚያውቀው ማረሻው ቀይ አፈር ማውጣት ሲጀምር ነው። የቀለሙ መለወጥ ኤ አልቆ ቢ መታረስ መጀመሩን የሚነግር አስተማማኝ ምልክት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በኤ እና በቢ መካከል፣ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ባለው ጥልቀት፣ የተጠቀጠቀ ንጣፍ አለ። የፈጠረው እርሻው ነው። በበሬ የሚጎተት ማረሻ በየዓመቱ እዚያው ጥልቀት ላይ ይሄዳል፤ ለጤፍ ደግሞ ማሳው አራትና አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይታረሳል። አፈሩ ረጥቦ ሳለ የብረቱ ጫፍና የበሬው ኮቴ ከታች ያለውን ይጫኑታል፤ ከላይ የላላው ደቃቅ አፈር ደግሞ ከውኃ ጋር ወርዶ የቀሩትን ቀዳዳዎች ይሞላል። በዓመታት ውስጥ አምስትና ስድስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥብቅ ወለል ይሠራል።

ሥር የሚያድገው ጫፉን በቀዳዳ ውስጥ አሾልኮ ወይም አፈሩን ገፍቶ ነው። የአፈሩ መቋቋም 2 ሜጋ ፓስካል ገደማ ሲደርስ የአብዛኞቹ ሰብሎች ሥር እድገቱ ክፉኛ ይገታል፤ ስንጥቅ ካላገኘ ወደ ጎን ይታጠፋል። የዚህ ንጣፍ ልዩ ጠባይ በአንድ ክረምት ሁለት ተቃራኒ ችግር ማምጣቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ውኃው ወደ ታች መስረግ አቅቶት ንጣፉ ላይ ይቋጥራል፤ አየር ይጠፋል፣ ናይትሮጂኑ ወደ ጋዝነት ተለውጦ ያመልጣል፣ ቡቃያው ይቢጫል። በመስከረም መጨረሻ ዝናቡ ሲቋረጥ ደግሞ ያው ሰብል በውኃ ጥም ይጠወልጋል፤ ከሥሩ በታች እርጥበት እያለ ሊደርስበት አልቻለምና። ነሐሴ ላይ ሲቢጫ ታይቶ ዩሪያ የተጨመረለት፣ መስከረም ላይ ደግሞ ሲጠወልግ ታይቶ "ዝናቡ ቶሎ ወጣ" የተባለለት ማሳ ብዙ ጊዜ በሽታው አንድ ነው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ከጎንደር ዙሪያ መካከለኛ ተዳፋት ላይ ያለ አንድ ማሳ ለምሳሌ እንውሰድ። ከ0 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ቡናማ የታረሰ አፈር፣ ከ14 እስከ 20 ጥብቁ ንጣፍ፣ ከ20 እስከ 55 ቀይ ሸክላማ አፈር፣ ከዚያ በታች የፈረሰ ጥቁር ድንጋይ ይኑረው። እንዲህ ያለ አፈር በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ተክሉ ሊጠጣው የሚችል ውኃ ይይዛል ብንል፣ በ14 ሴንቲ ሜትር የታገደ ሥር ያለው 21 ሚሊ ሜትር ነው። ፍሬ የሚሞላ ጤፍ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ቢጠጣ ይህ የአምስት ቀን ስንቅ ነው። ሥሩ እስከ 55 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ግን ውኃው 82 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ሃያ ቀን ያቆያል። ተክሉ የመጨረሻዎቹን ጠብታዎች በቀላሉ ስለማያወጣ ሁለቱም ቁጥር በተግባር ያንሳል፤ አንዱ የሌላውን አራት እጥፍ ገደማ መሆኑ ግን አይለወጥም። በአምስትና በሃያ ቀን መካከል ያለው ደግሞ ፍሬ የሚሞላበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ ቢ የሚናቅ ንብርብር አይደለም፤ የጥቅምት የውኃ ጎተራ እርሱ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ግን ጠባዩ ክፉ ነው። ብስባሽ ስለሌለው ዝናብ ሲመታው ፊቱ ይጠጥራል፣ ቀዩ ሸክላ ፎስፈረሱን አጥብቆ ይይዛል፣ ቡቃያው ቀጭጮ ይቀራል። በታችኛው ሲ ውስጥ ሥር የሚገባው በስንጥቁ ብቻ ነው፤ በጣት የሚፈረፈር ከሆነ ለዛፍና ለማሽላ አንዳንድ ተስፋ አለው። አር ላይ የሚባል ነገር የለም፤ ዓለቱ በ30 ሴንቲ ሜትር ላይ ከተገኘ ያ መሬት ከእርሻ ይልቅ ለሣር ይሻላል።

ጉድጓዱን ለመቆፈር ዶማ፣ አካፋ፣ ቢላዋ፣ ሜትርና አንድ ጀሪካን ውኃ ይበቃል። ምርጡ ጊዜ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት መጀመሪያ ነው፤ አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ የሰብሉም ሥር ሕያው ነው። በየካቲት ከተቆፈረ ሁሉም ንብርብር ድንጋይ ስለሚመስል ጥብቁን ከደረቁ መለየት ያስቸግራል። ከማሳው ዳር ሳይሆን ሰብሉ ከቆመበት፣ አንድ ሜትር ርዝመትና 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ እስከ አንድ ሜትር ይውረድ። ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ለንባብ ይመረጥ፤ ከዚያ ግድግዳ በላይ ሰው አይቁም፣ አፈርም አይከመር። የላይኛውና የታችኛው አፈር ለየብቻ ይቀመጥ፤ ሲደፈን ቀዩ አስቀድሞ፣ ለሙ መጨረሻ ይመለስ።

አካፋ ያለሰለሰውን ግድግዳ በቢላዋ ጫፍ ፈልፍሎ የተፈጥሮ መልኩን ማውጣት ያስፈልጋል። ከዚያ ቢላዋውን በእኩል ኃይል በየአምስት ሴንቲ ሜትሩ መውጋት ነው። ከላይም ከታችም ገብቶ በመካከል እምቢ ካለ፣ አፈሩም በሁለቱም በኩል እኩል ከረጠበ፣ ንጣፉ ተገኘ። ሥሮቹ ያረጋግጡታል፤ በዚያው መስመር ላይ እንደ መንጠቆ ታጥፈው ወደ ጎን ይሄዳሉ፣ ወይም በጓሎች መካከል ተጨፍልቀው ይታያሉ። ከንጣፉ በላይ የዝገት ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦችና ግራጫ ቦታዎች ካሉ ውኃ እንደሚቋጥር ማስረጃ ነው።

መፍትሔው ንጣፉን ሰብሮ ሥር እንዲያልፍ ማድረግ እንጂ አፈሩን መገልበጥ አይደለም። የእኛ ማረሻ አፈር አለመገልበጡ እዚህ ላይ ጥቅም ነው፤ የሚገለብጥ የትራክተር ማረሻ በሳሳ ማሳ ላይ ቀዩን አውጥቶ ለሙን ይቀብረዋል። ጠለቅ የሚል ጠባብ ብረት ንጣፉ ደረቅ ሲል፣ ከዝናቡ በፊት፣ በአግድም መስመር በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ቢያልፍ ይሰነጥቀዋል። እርጥብ ሳለ ከተሞከረ ብረቱ ግድግዳውን ይለስነዋል እንጂ አይሰብረውም። ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅ ደካማ በሬ ላለው ገበሬ ሁለተኛው መንገድ ይሻላል፤ እንደ ግብጦና ኑግ ያለ ወደ ታች የሚሰድድ ዋና ሥር ያለው ሰብል በዙር ማስገባት። ሥሩ ሲበሰብስ የሚተወው ቀዳዳ ለሚቀጥለው ዓመት ጤፍ መውረጃ ይሆናል፤ ለውጡ ግን ዝግ ያለ ነው፣ በአንድ ክረምት አይጠበቅም። የተሰበረው ንጣፍ በዚያው ዓመት ስድስት ጊዜ ከታረሰና ከብት ከረገጠው ደግሞ ተመልሶ ይጠጥራል።

የእርከን ሥራውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ኤ 12 ሴንቲ ሜትር በሆነበት ማሳ 50 ሴንቲ ሜትር ቦይ ሲቆፈር አብዛኛው የሚወጣው ቢ ነው፤ ያ ቀይ አፈር ለሙ ላይ በሚደፋበት መስመር ምርቱ ለዓመታት ያንሳል፤ ገበሬውም እርከኑን ጠልቶ ያፈርሰዋል። ለሙን መጀመሪያ ገፎ ወደ ጎን ማድረግና ክትሩ ካለቀ በኋላ መልሶ መበተን ሥራውን ያረዝማል፣ እርከኑን ግን ያቆየዋል።

የደምቢያ ሜዳ ዋልካ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በበጋ በሰፊው ይሰነጠቃል፣ የላዩ አፈር ወደ ስንጥቁ ይወርዳል፣ በክረምት አብጦ ይዘጋል፤ በዚህ መተሻሸት ንብርብሩ ተቀላቅሎ እስከ ታች አንድ ዓይነት ጥቁር ይመስላል። በግድግዳው ላይ የሚያንጸባርቁ የተንሸራተቱ ፊቶች ከታዩ ዋልካ መሆኑ አያጠራጥርም። ስንጥቁ ጥብቁን ንጣፍ በየዓመቱ በከፊል ስለሚሰብረው ዋናው ጠላት የክረምት ውኃ ነው፤ መድኃኒቱ ሰፊ መደብና ቦይ፣ ወይም ገበሬው ሲያደርገው እንደኖረው ዝናቡ ሲወጣ ሽምብራ ዘርቶ በቀረው እርጥበት ማብቀል ነው። ተዳፋት ላይ የሚሠራ ምክር እዚህ ቢደገም ይከስራል።

በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ሦስት ጉድጓድ ይበቃል፤ አንዱ ከአናት፣ አንዱ ከመካከል፣ አንዱ ከግርጌ። ሦስቱንም ሁለት ሰው በአንድ ቀን ሊጨርሳቸው ይችላል። በየመንገዱ የተቆረጠ ገደልና በየቦረቦሩ የተገለጠ ግድግዳ ስላለም አንዳንዱን ያለ ቁፋሮ ማንበብ ይቻላል፤ አሮጌው ፊት አንድ ስንዝር ያህል ከተፋቀ በኋላ። የሚመዘገበው ጥቂት ነው፤ የለሙ አፈር ውፍረት፣ የጥብቁ ንጣፍ ጥልቀት፣ ሥሩ የቆመበት ቦታ፣ ድንጋዩ የተገኘበት ርቀት። እነዚህ አራት ቁጥሮች ከቤተ ሙከራው ውጤት ጎን በአንድ ወረቀት ላይ ሳይሰፍሩ ለገበሬው የሚነገር የማዳበሪያ መጠን ገና ግማሽ ምክር ነው።