ሥራ የሚጠቁመው የሩቅ ትውውቅ ነው

ሥራ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለቅርብ ጓደኞቹ ነው። እኔ ግን ድምፃቸውን ከሰማ ዓመት ካለፈው ሰዎች ቢጀምር ይሻለዋል እላለሁ።

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው ጥቆማ ሥራ የቀየሩ 54 ባለሙያዎችን ጠቋሚውን በዚያ ሰሞን በየስንት ጊዜው ያገኙት እንደነበር ጠየቀ። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያሉት 9 ብቻ ነበሩ። 30ዎቹ አልፎ አልፎ፣ 15ቱ ደግሞ ቢበዛ በዓመት አንዴ አሉ። ብዙዎቹም ጓደኛ ነው የነገረህ ሲባሉ፣ ጓደኛ ሳይሆን የማውቀው ሰው ነው እያሉ ያርሙት ነበር።

ምክንያቱ የፍቅር ማነስ አይደለም። አምስት የልብ ጓደኞች ያሏትን አንዲት የሂሳብ ባለሙያ እንውሰድ። አምስቱም እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ አንዱ የሰማውን ክፍት የሥራ ቦታ ሌሎቹም በማግሥቱ ይሰሙታል። ለአምስቱ ብትደውል የምታገኘው ያንኑ አንድ ወሬ አምስት ጊዜ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አብራት ሥልጠና የወሰደችው ሴት ግን የምትውለው እሷ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ነው። በዚያ በኩል ያለው ወሬ ወደ እሷ የሚሻገረው በዚህች ሴት በኩል ብቻ ነው፤ ግራኖቬተርም እንዲህ ያለውን ግንኙነት ድልድይ ይለዋል።

ይህ ማለት ግን የማያውቁትን ሁሉ መለመን አይደለም። በ2022 የታተመና 20 ሚሊዮን የሚሆኑ የሊንክዲን ተጠቃሚዎችን ያካተተ ጥናት፣ ሥራ ለመቀየር በብዛት የረዳው መጠነኛ ላላ ያለ ትውውቅ መሆኑን አሳይቷል። ትውውቁ ከዚያም በላይ እየሳሳ ሲሄድ ጥቅሙም ይቀንሳል። ፈጽሞ የማያስታውስህ ሰው ወሬው ቢኖረውም ስምህን ለአለቃው አያነሳም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መልእክቱ ላይ ነው። «ሥራ ካለ አስታውሱኝ» የሚለው ለቅርብ ጓደኛ ይሠራል፤ ሙያህን ያውቃልና። የሩቅ ትውውቅ ግን ምን ብሎ እንደሚያስታውስህ አያውቅም። ስለዚህ በመጀመሪያው መስመር የት እንደተዋወቃችሁ፣ በሁለተኛው የምትፈልገውን የሥራ መደብ በስሙ ጻፍለት። ከዚያ በአንድ ቃል ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ አስከትል፦ «በእናንተ ክፍል በዚህ መደብ ሰው እየተፈለገ ነው?» ቅጠረኝ ሳይሆን ንገረኝ ነውና የተባለው፣ መመለስ አይከብደውም።

ቅጥሩ በወሬ ሳይሆን በባለሥልጣን ይሁንታ በሚወሰንበት ቦታ ነገሩ ይገለበጣል። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ያንጂዬ ቢያን በ1997 ባሳተመው የቻይናዋ ቲያንጂን ከተማ ጥናት፣ መንግሥት ሥራ በሚመድብበት ሥርዓት ውስጥ ሰዎች ወሳኙ ባለሥልጣን ጋ የሚደርሱት በጠበቀ ዝምድናና ወዳጅነት ነበር። ስሙን አስይዞ ለሌላው የሚማልድ ሰው የሩቅ ትውውቅ አይሆንም።