ሐሳቡን የቀየረው ልጁ፣ ዕዳው የአክስቱ

«የወንድሜ ልጅ ለዶክትሬት ውጭ ሲሄድ ዋስ ሆንኩለት። አሁን ‘አክስቴ፣ እዚሁ መቅረት ነው የምፈልገው’ አለኝ። ደሞዜን ይቆርጡብኝ ይሆን?» (አንዲት መምህርት፣ ከኮምቦልቻ)

አዎ፣ ሊቆርጡብዎት ይችላሉ፤ ልጁ ተምሮ ተመልሶ ሊያገለግል ተዋውሎ ካልመጣ፣ የላከው መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ከዋሱ ይጠይቃል። ግን አብሽሩ፣ ገና በእጅዎ ያለ ነገር አለ።

መጀመሪያ የፈረሙበትን ወረቀት ያውጡት። እኔም እዚህ ደሴ ለአንድ ባልደረባዬ ዋስ ሆኜ ስለፈረምኩ አፈራረሙን አውቀዋለሁ። ልጁ በረራው ደርሶበታል፣ እርስዎ ከትምህርት ቤትዎ የደሞዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይዘው መጥተዋል፣ ጸሐፊዋ በጣቷ «እዚህ ጋ» ትላለች፣ ይፈርማሉ። ማንም ቁጭ ብሎ አያነበውም።

በውሉ ውስጥ የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው። አንዱ የገንዘቡ ጣሪያ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1725 ላይ ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት ይላል፣ በቁጥር 1922 ላይ ደግሞ ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ ካልተገለጸ አይጸናም ይላል። «ለሚደርሰው ወጪ ሁሉ ዋስ ነኝ» ብቻ ተብሎ ቁጥር ከሌለው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ጠበቃ ጋ ይሂዱ። ሌላው «በአንድነትና በነጠላ» ወይም «በማይነጣጠል ኃላፊነት» የሚል ቃል ነው። ይህ ቃል ካለ መሥሪያ ቤቱ ልጁን ሳይጠይቅ በቀጥታ እርስዎ ላይ መምጣት ይችላል። ከሌለ ግን «መጀመሪያ የእሱን ንብረት ፈልጉ» ብለው መከራከር ይችላሉ።

አሁን ሒሳቡን እንየው። ልጁ አራት ዓመት ሲማር እዚህ በወር 12,000 ብር ደሞዝ ይከፈለው ነበር እንበል። በድምሩ የሚጠየቀው ዕዳ 576,000 ብር ነው። የእርስዎ ደሞዝ ደግሞ 9,000 ብር ይሁን። ከመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ በየወሩ የሚቆረጠው ከሲሶው እንዳይበልጥ ሕጉ ገደብ ስላለው 3,000 ብር ይቆረጣል። ዕዳው የሚያልቀው በ192 ወር ነው። አሥራ ስድስት ዓመት! ጡረታ ቢወጡም አይጨርሱትም።

ያው ዕዳ ለልጁ ስንት ነው? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ሥርዓት ሳይለወጥ፣ ዶላር በ57 ብር ገደማ ሳለ፣ ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። ዶላሩ 120 ብር ሲገባ 4,800 ሆነ። ውሉ በብር ስለሆነ እሱ ጋ ዕዳው ከግማሽ በታች ወረደ፣ እርስዎ ጋ ግን አንድ ብር አልቀነሰም። ውጭ ሠርቶ የሚኖር ሰው በሁለት ዓመት ከፋፍሎ ሊጨርሰው የሚችለውን ነው እርስዎ ዕድሜ ልክ የሚሸከሙት።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ሰው ሐሳቡን መቀየር ይችላል። አንዳንዱ እዚያ ትዳር ይመሠርታል፣ አንዳንዱ ጥናቱን እዚህ የሚቀጥልበት ቤተ ሙከራ የለውም፣ ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ውጭ ሆኖ የሰማ ሰው መመለሱን ቢፈራ አልፈርድበትም። (ያ ሁሉ ግን በሕግ ፊት ለዘላለም ለመቅረት ምክንያት አይሆንም፤ ሕጉ ከአቅም በላይ የሚለው ጨርሶ የማያስችል ነገር ሲያጋጥም ነው።) የማልቀበለው ሐሳቡን የቀየረው ልጅ ስልኩን ዘግቶ አክስቱን ለፍርድ ቤት ሲተዋት ነው።

መሥሪያ ቤቶቹም ጥፋት አለባቸው። ልጁ መመለሻው ካለፈ በኋላ ዓመታት ዝም ይሉና አንድ ቀን ዋሱ ላይ ክስ ይዘው ይመጣሉ፣ ምክንያቱም የዋሱ ደሞዝ እዚሁ ቅርብ ነው። ውጭ ላለው «በየወሩ ይህን ያህል ላክ» የሚል የክፍያ ውል አዘጋጅተው ቢጠብቁት ብዙዎቹ ይከፍሉ ነበር። ተመልሶ የተወሰነ ዓመት ያገለገለውንም እንደዚያው ሊቆጥሩለት ይገባል። ስምንት ዓመት ተዋውሎ አራቱን የሠራን ሰው ሙሉውን ክፈል ማለት ግፍ ነው፤ ሕጉም ውል በከፊል ሲፈጸም ዳኛ መቀጫውን እንዲቀንስ ይፈቅዳል።

እና ዛሬ ማታ ለልጁ ይደውሉለት። የትምህርት ፈቃዱ ሳያልቅ ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይጻፍ፦ አልመለስም፣ ዕዳዬን አምናለሁ፣ በየወሩ ይህን ያህል እከፍላለሁ ብሎ። ቅጂውን ለእርስዎም ይላክ። የከፈለበትን ደረሰኝ ሁሉ እርስዎ ያስቀምጡ። እምቢ ካለና እርስዎ ከከፈሉ፣ የከፈሉትን ከእሱ የመጠየቅ መብት ሕጉ ይሰጥዎታል፤ ይህንንም በስልኩ ይንገሩት። የወንድም ልጅ ቢሆንም ይንገሩት።