የግምት ቢል "በሚቀጥለው ወር ይካካሳል"?

"የመብራት ቢሌ በግምት ነው የመጣው። በሚቀጥለው ወር ሲነበብ ስለሚካካስ ዝም ብዬ ልክፈል አይደል?"

አይደለም ወንድሜ። የሚካካሰው ኪሎዋት ሰዓቱ ነው፤ ገንዘቡ ላይካካስ ይችላል።

ቢሉ ላይ ያለፈው ንባብ 4100፣ የአሁኑ 4620 ነው እንበል። 520 ተጠቅመሃል እያለህ ነው። ዛሬ ቆጣሪህ ገና 4380 ላይ ከሆነ፣ ቢያንስ 240 ያልተጠቀምክበት ተጭኖብሃል። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሚወደድ ከሆነ ደግሞ ይህ ትርፍ የተሰላው በውዱ እርከን ነው። በሚቀጥለው ወር የሚቀነስልህ ግን ከርካሹ እርከን ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ከሰርክ ማለት ነው።

የቆጣሪውን መለያ ቁጥርና ንባቡን በአንድ ፎቶ አንሳ፤ ቀኑንም ያዝ። ከመክፈያው ቀን በፊት "በትክክለኛው ንባብ እንደገና ይሰላልኝ" ብለህ በጽሑፍ አመልክት። ቆጣሪው ከቢሉ በጣም በልጦ ከተገኘ ግን ግምቱ አንሷል፤ ቀሪው ተጠራቅሞ ይመጣብሃል።