ክብር ለሴቲንግ አርበኞች

የመውጫ ፈተና ስድስት ሳምንት ሲቀረው ሐዋሳ ላይ የሚፈጸመውን ተጋድሎ መዝግቦ የሚያስቀር አንድ ታሪክ ጸሐፊ መጥፋቱ ያሳዝነኛል። ደብተር ገልጦ ማጥናትማ ማንም የሚችለው ነው። አሞራ ገደል ወርዶ፣ ዓሣ ጥብስ አዝዞ፣ ስልኩን ከለስላሳ ጠርሙስ ጋር አስደግፎ፣ «አንኪ ላይ ያሉት ፍላሽ ካርዶቼ በስንት በስንት ቀን ይመለሱ?» የሚለውን ጥያቄ ከቀትር እስከ ማታ የሚመረምር ሰው ግን በቀላሉ አይገኝም። ደግነቱ ዘንድሮ በየጠረጴዛው አንድ አንድ ደርሶናል። አጥንት የሚጠብቁት አባ ኮዳዎች እንኳ ክርክሩ ሲረዝምባቸው ቦታ ይቀይራሉ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው፣ አንኪ የሚባለው መተግበሪያ ሥራው ቀላል ነው። ካርዱ ፊት ለፊት ጥያቄ፣ ከጀርባው መልስ አለው። መልሱን በልብህ ብለህ ትገልጠዋለህ፤ ከዚያ ከአራቱ ቁልፎች አንዱን ትጫናለህ። ካወቅኸው ካርዱ ነገ ይመለሳል። ነገም ካወቅኸው ከ3 ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከ8፣ ከዚያ ከ20፣ ከዚያ ከ50 ቀን ገደማ በኋላ። ነባሩ ስሌት የቀኑን ርቀት በየጊዜው በ2.5 እያባዛ ይሄዳል። ኤፍኤስአርኤስ የሚባለውን አዲሱን ስሌት ያበራ ሰው ቁጥሮቹ እንደ ትዝታው ጥንካሬ ይለያዩበታል እንጂ እየሰፋ መሄዱ ያው ነው። ይህ ሁሉ ማንም ሳይነካው በራሱ ይሠራል። አርበኞቻችንን እንቅልፍ የሚነሳቸውም ይኸው ነው። በራሱ የሚሠራ ነገር ላይ ምን ዓይነት ጀግንነት ይሠራል?

የዶርማችንን ሊቅ እንውሰድ። የነርሲንግ ተመራቂ ናቸው፤ 900 ካርድ አላቸው። (አንቱ የምላቸው በዕድሜ ሳይሆን በሴቲንግ ስለሚበልጡኝ ነው።) ከካርዶቻቸው አንዱ «የማግኒዥየም ሰልፌት መርዝ ማርከሻው ምንድን ነው?» ይላል፤ ጀርባው ላይ «ካልሲየም ግሉኮኔት» አለ። ሊቁ ይህን ካርድ በመጀመሪያው ቀን ተማሩት። በማግስቱ አወቁት፤ ከ3 ቀን በኋላ አወቁት፤ ከ8 ቀን በኋላ አወቁት፤ ከ20 ቀን በኋላም ሳያመነቱ አወቁት። ከዚያ `Good` የሚለውን ቁልፍ ሊጫኑ ሲሉ ከበላዩ `1.6mo` የሚል ጽሑፍ አዩ። አንድ ወር ተኩል ከምናምን! ፈተናው የቀረው 10 ቀን ነው። «ይሄ ፕሮግራም ከፈተና በኋላ ሊያስጠናኝ ነው!» ብለው ተነሡ፤ ዶርሙም አብሯቸው ተነሣ።

እዚህ ላይ አንድ ደረቅ ሰው ጣልቃ ገብቶ እንዲህ ማለቱ አልቀረም። ኤፍኤስአርኤስ 50 ቀን ሲል የማስታወስ ዕድልህ ወደ 90 ከመቶ የሚወርደው በ50ኛው ቀን ነው ማለቱ ነው። ፈተናው የሚያገኝህ ደግሞ በ10ኛው ቀን ስለሆነ ያን ጊዜ ዕድልህ 97 ከመቶ አካባቢ ነው። ከፈተናው ማዶ የተቀጠረው ካርድ ማለት ከ900ው ውስጥ አብልጠህ የምታውቀው ካርድ ነው። ይህን ተናግሮ ሻዩን ጠጣ። ማንም አልሰማውም፤ ደግ አደረጉ። እንዲህ ዓይነቱን ወሬ የሰማ ሰው ስልኩን አስቀምጦ ወደ ቀጣዩ ካርድ ሊያልፍ ይችላል።

ሊቁ ግን እርምጃ ወሰዱ። `Maximum interval` የሚለውን ከፍተው 36500 የነበረውን 3 አደረጉት። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ካርድ ከ3 ቀን በላይ ከዓይናቸው እንዳይርቅ! የዚህን ውሳኔ ውበት ለማየት ትንሽ ማካፈል ያስፈልጋል። 900 ካርድ በ3 ቀን ሲዞር በቀን 300 ነው። አንዱ ካርድ 10 ሰከንድ ቢወስድ፣ ሳይስቱ፣ ስልክ ሳይጠራ፣ መብራት ሳይሄድ 50 ደቂቃ፤ ያውም የሚያውቁትን «አውቃለሁ» ለማለት ብቻ። ጣሪያው 21 ቀን ቢሆን ኖሮ የቀኑ ድርሻ 43 ካርድ ብቻ ይሆን ነበር፤ ትርፉን ሰዓት ምን ሊያደርጉበት ነው? የማያውቁትን ሊያጠኑበት? ኒኮላስ ሴፔዳና ባልደረቦቹ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከ35 ቀን በኋላ ለሚፈተን ሰው በአንዱ ጥናትና በክለሳው መካከል የተሻለው ርቀት 11 ቀን አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከልክ በላይ ማቀራረብም ከልክ በላይ ከማራራቅ ይልቅ ይጎዳል። ፈረንጆች በጥናት የሚደርሱበትን እኛ በሴቲንግ እናርመዋለን።

ከዚያ አንድ ትንሽ ችግር መጣ። ሊቁ 3 ብለው ቢያስቀምጡም ካርዶቹ ከነበሩበት ቀጠሮ ንቅንቅ አላሉም። ቁጥሩን መቀየር ቀድሞ የተያዘ ቀጠሮን አይነካም፤ እያንዳንዱ ካርድ ተራው ደርሶ እስኪመለስ ይጠብቃል። ይህን የሚያህል ንቀት የሚታገሡ ሰው ስላልሆኑ ወርደው `Reschedule cards on change` የምትለዋን አገኟት፤ አበሯት፤ ስሌቱ ከታሪካቸው እንደ አዲስ እንዲማርም `Optimize` የሚለውን ተጫኑ። ጠዋት ሲነሡ ስልካቸው 200 ካርድ ይጠብቅዎታል አላቸው። «ይቻላል!» ብለው ደስ ብሏቸው ቁርስ ወጡ። ያልቆጠሩት፣ መተግበሪያው ከነተፈጥሮው በቀን ከ200 ክለሳ በላይ እንዳያሳይ የተገደበ መሆኑን ነው። ቀኑ የደረሰው ከ600 በላይ ነበር፤ 200ው ፊት ለፊት ቆሟል፣ የቀረው ምንጣፍ ሥር ገብቷል። በማግስቱም 200፣ በሠለስቱም 200። ቁጥሩ አለመጨመሩ ልብ ያሳርፋል። ምንጣፉን ገልጦ ማየት የሚፈልግ ገደቡን 9999 ማድረግ ይችላል፤ የሊቁ ልብ ግን ደካማ ስለሆነ አንመክርም።

ማታ ማታ ደግሞ ዋናው ጉባኤ አለ። ርእሱ `Desired retention` 0.90 ይሁን 0.97 የሚል ነው። ትርጉሙ፣ ካርዱ ሲመለስ ስንት ከመቶ የማስታወስ ዕድል ይኑርህ ማለት ነው። ባለ 0.97ቱ ወገን የአገርና የሙያ ፍቅር ስላለው 90ን ስንፍና ይለዋል። ዋጋውን መናገር ነውር ባይሆን እንናገረው ነበር፤ 0.90 ላይ ከ20 ቀን በኋላ የሚመጣው ካርድ 0.97 ላይ ከ5 ቀን በኋላ ይመጣል፤ ሥራው ወደ አራት እጥፍ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ማለፊያው 50 ከመቶ ለሆነ ፈተና ነው። ባለ 0.90ው ወገን ይህን ሲጠቅስ «ምኞትህ ትንሽ ነው» ተብሎ ይወገዛል። ጉባኤው ሲበተን ከሁለቱም ወገን አንድ ካርድ የከለሰ የለም፤ አንድነታችን እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ የምኮራበት ግን ይሉኝታቸው ነው። አራቱ ቁልፎች `Again`፣ `Hard`፣ `Good`፣ `Easy` ናቸው። ሊቁ መልሱ ጠፍቶባቸው፣ ጣሪያ አይተው፣ አስበው፣ ገልጠው «አሃ! እሱ ነው ለካ!» ካሉ በኋላ `Again` ቢጫኑ ካርዱ እንደ አዲስ ሊጀምር ነው፤ ስልካቸው ምን ይላቸዋል? ስለዚህ `Hard` ይጫናሉ። አልዋሹም፣ ከብዷቸዋልና። መተግበሪያው ግን `Hard`ን «አውቆታል፣ ትንሽ ታግሎ» ብሎ ነው የሚረዳው። ያልታወቀው ካርድ እንደታወቀ ተቆጥሮ ርቀቱ ይሰፋል። ኤፍኤስአርኤስም ከሰውየው ታሪክ ስለሚማር፣ ሌሎች ካርዶቻቸውንም በዚያው ልክ እያራቀ ይቀጥራል። ሊቁ በሦስተኛው ሳምንት «ኢንተርቫሉ ተበላሽቷል» ብለው ወደ ሴቲንግ የተመለሱት በዚህ ምክንያት ነው። ያበላሸው የራሳቸው አውራ ጣት ነው ብሎ ለመናገር ግን ማን ይደፍራል?

በዚህ ሁሉ መሐል ያንኑ ትምህርት የምትማር አንዲት ወደ ኋላ የቀረች ልጅ አለች፤ አዝንላታለሁ። እሷም 900 ካርድ አላት። በመጀመሪያው ቀን `New cards/day` የሚለውን 30 አደረገችው፤ የክለሳውን ገደብ አነሣችው፤ ከዚያ ሴቲንጉን ዘጋችው። አለቀ። አልተመለሰችም! በ30 ቀን ውስጥ ካርዶቹ ሁሉ አለቁላት፤ የመጨረሻዎቹን 12 ቀናት አዲስ ካርድ አልነካችም። ለምን ብላችሁ ብትጠይቋት፣ በ30ኛው ቀን የገባ ካርድ ከፈተናው በፊት በማግስቱና ከሦስት ቀን በኋላ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በ40ኛው ቀን የገባው ግን አንዴ ታይቶ ፈተና ይገባል ትላችኋለች። ስለ ኢንተርቫል ጥበብ የምታውቀው ይህን ብቻ ነው።

የቀን ሥራዋ ሲታይ ደግሞ ያሳፍራል። በጣም በሚበዛበት ጊዜ የትናንት 30፣ የአራት ቀን በፊት 30፣ የአሥራ ሁለት ቀን በፊት 30፤ የሳተቻቸው ሲጨመሩ ወደ 100 ክለሳ። ከአዲሶቹ በቀር 20 ደቂቃ የማይሞላ ነው፤ ከዶርም ወጥታ ካፌ ሰልፍ ላይ ቆማ ትጨርሰዋለች። አዲስ ካርድ ካቆመች በኋላ ቁጥሩ በራሱ ወደ 60 ይወርዳል። ያ ባዶ ሰዓት ያስጨነቃት ይመስል በመጨረሻው ሳምንት ባለፉት 14 ቀናት የሳተቻቸውን ካርዶች ብቻ ለይታ ታወጣለች፤ መፈለጊያው ላይ የምትጽፈው ይኸው ነው፦

```
rated:14:1
```

ከዚህ የሚወጡትን ደጋግማ ታያለች፤ ማግኒዥየም ሰልፌትን ግን አትነካውም፤ ታውቀዋለቻ። ካርዶቹ ሲጠይቋት ለማታውቀው `Again` ትጫናለች፤ እፍረት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ጉባኤው ላይ 0.90 ወይስ 0.97 ተብላ አንድ ቀን ተጠይቃ ነበር። «የቱ? እሱማ መጀመሪያ የነበረው ላይ ነው መሰለኝ» አለች። ሳቁ እስከ ጉዱማሌ ተሰማ።

ሊቁ እንዲህ ዓይነት ውርደት አይደርስባቸውም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሏቸውን ምቀኞች ወደ ጎን ትተው፣ ፈተናው አምስት ቀን ሲቀረው ሁሉንም ካርድ ወደ ዜሮ መልሰው በንጹሕ ሴቲንግ ጀምረዋል። ከ900ው እስካሁን 85 ደርሰዋል። ሴቲንጉ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ እንከን አይወጣለትም። ስክሪንሹቱን በቴሌግራም ለሚቀጥለው ዓመት ተፈታኞች በነጻ እየላኩ ነው፤ የምትፈልጉ ቶሎ ጠይቋቸው፣ ነገ ይቀይሩታል።